የደበዘዘው ገጽ ደራሲዎች

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከገባ ወዲህ ብዙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መጽሐፉን በእጁ ከመያዙ በፊት በቴሌግራም ያገኘዋል። አንዱ ገጹን በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ ሌላው ፒዲኤፍ ያደርገዋል፣ አምቦ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ያትመዋል። ከዚያ በኋላ የታተመው ወረቀት ራሱ ይባዛል። ከአምቦ ጉደር፣ ከጉደር ጌዶ፣ ከጌዶ ባኮ እያለ ወደ ምዕራብ በሄደ ቁጥር ይገረጣል። ነጥብ ይጠፋል፣ ዜሮ ይሳሳል፣ ጥጉ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አውራ ጣት ጥላውን ጥሎ ይቀራል።

እስከዚህ ድረስ ማንንም አልወቅስም። የሚያስቀኝ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። የደበዘዘ ቁጥር አይቶ «አይነበብም» የሚል ሰው ጠፍቷል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ያለው ወጣት ለደንበኛው አዝኖ ስክሪብቶውን ያነሳና የገረጣውን አኃዝ አድምቆ ይጽፍበታል። የመሰለውን ነው እንግዲህ። ያንን ያባዛዋል። በሚቀጥለው ቅጂ ላይ የስክሪብቶው ቀለም ከማተሚያው ቀለም አይለይም፤ ልጁም ሳያስበው የመጽሐፉ ተባባሪ አዘጋጅ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ሰሞኑን አንድ ዘመዴ የሆነ ተማሪ እንዲህ ያለ የኬሚስትሪ ገጽ ይዞ መጣ። ርእሱ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ስለሚሆነው ነው፦ CaCO3 → CaO + CO2። ለምዕራብ ሸዋ ልጅ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ያለው እዚሁ አዳ በርጋ ነው፤ የሚወጣው ጋዝም የአምቦ ውኃን ከሚያንተከትከው የተለየ አይደለም። ገጹን ደግሞ አንድ ሰው በስልኩ ወደ ጽሑፍ ለውጦት ኖሮ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ 5■.0 ግራም ድንጋይ ተቃጥሎ 22.09 ጋዝ ወጣ ይላል። ጥቁሯ ሳጥን የአውራ ጣቱ ማረፊያ ናት።

ዘመዴ 22.09ኙን ሳይጠራጠር ተቀብሎ ሊያሰላ ነበር። ጠጋ ብለን ስናየው ግን በገጹ ላይ ያለ ክብደት ሁሉ ከኋላው g አለው፤ ይሄ ብቻ የለውም። ስልኩ g የምትባለዋን ፊደል 9 ብሎ አንብቧታል፤ የደበዘዘች g ለማሽን ዘጠኝ ናት። ግምት ብቻ እንዳይሆን ሒሳቡን ጠየቅነው። ካልሲየም 40፣ ካርቦን 12፣ ሦስት ኦክስጅን 48፣ ድምሩ 100። የጋዙ 44። ጋዙ 22.0 ግራም ከሆነ ግማሽ ሞል ነው፤ ድንጋዩም 50.0 ግራም ይሆናል። ጋዙ 22.09 ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ 50.2 መሆን ነበረበት፤ ገጹ ላይ ግን ከነጥቡ ቀጥሎ ያለችው ዜሮ ፍንትው ብላ ትታያለች። ስለዚህ ከአውራ ጣቱ ሥር ያለው ዜሮ ነው። ይህን ያህል ሲሆን ደፍሮ መጻፍ ይቻላል።

ከሥሩ ደግሞ የሞለኪውሎቹ ቁጥር 3.01 × 1023 ተብሎ ተቀምጧል። ከፍ ብላ መጻፍ የነበረባት 23 ወርዳ ከ10 ጎን ተሰልፋለች። የክፍሉ ጎበዝ አባዝቶ 3079.23 አግኝቷል፤ ከሁለት አስርዮሽ ጋር፣ በጥንቃቄ። አንድ ሞለኪውል ወደ ሩብ ገደማ ተቆርጣ የት እንደምትቀመጥ የጠየቀው ሰው የለም።

የገጹ ትልቁ ፈተና ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ንጹሕ ያልሆነ 2■.0 ግራም የኖራ ድንጋይ፣ ንጽሕናው 8■ በመቶ፣ የወጣው ጋዝ 8.8 ግራም። እዚህ ላይ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ሳያወላውል «25 ግራም፣ 80 በመቶ» አለኝ። እውነት ነው፣ ይገጥማል፤ 20 ግራም ንጹሕ ድንጋይ ልክ 8.8 ግራም ጋዝ ይሰጣል። ነገር ግን 23 ግራምና 87 በመቶም ይገጥማል። 24 ግራምና 83 በመቶም 8.76 ገደማ ይሰጥና ሲጠጋጋ 8.8 ይሆናል። ሌላ የሚገጥም ጥንድ የለም፤ ሦስት ናቸው። ከሦስቱ 25 እና 80 የሚመረጡት ለዓይን ስለሚያምሩ ብቻ ነው። መጽሐፍ አዘጋጅ ክብ ቁጥር ይወዳል የሚል መከራከሪያ አለ፤ እኔም እወዳለሁ፤ ሆኖም ይህ የአዘጋጁን ጠባይ መገመት እንጂ ገጹን ማንበብ አይደለም።

በዚህ ነገር የጥንት ጽሑፍ የሚያጠኑ ሰዎች ከኛ ይልቅ ትሑታን ናቸው። በ1931 በአውሮፓ አቆጣጠር ላይደን ላይ ተስማምተው የጠፋውንና እነሱ የሞሉትን በማዕዘን ቅንፍ ይከታሉ፣ የሚያጠራጥረውን ፊደል ከሥሩ ነጥብ ያደርጉበታል። ሃምሳውን እኛ 5[0].0 ብለን መጻፍ አያቅተንም፤ ለሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ቅንፉን ባዶ መተው ነው።

«ሌላ ቅጂ አምጣና አስተያይ» የሚል ምክርም ሰጥተውኛል። ዘመዴ ከጊንጪ አንድ፣ ከጉደር አንድ ይዞ መጣ፤ ሁለቱም 25 ይላሉ። «ሁለት ምስክር!» ብሎ ፈነደቀ። አስጠግተን ስናያቸው ሁለቱም ላይ ያው አውራ ጣት በዚያው ቦታ ጥላውን ጥሏል፤ 5ቷም ከጎረቤቶቿ ይልቅ ወፍራም ናት፣ ጅራቷም በእጅ የተሳበ ነው። ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው ማለት ነው፤ አንዱ ለሌላው ሊመሰክር አይችልም። የሚጠቅመው ያ አውራ ጣት ያላረፈበት ቅጂ ነው።

ጥርት ብሎ የሚታየውም ቢሆን ጉድ አያጣም። በ2013 በአውሮፓ አቆጣጠር ዴቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ የዜሮክስ ማሽኖች የቤት ፕላን ሲገለብጡ ስፋታቸው የተለያየ ሦስት ክፍሎችን እኩል 14.13 ካሬ ሜትር ሲያደርጓቸው ደረሰባቸው። ማሽኑ ፋይሉን ለማሳነስ የሚመሳሰሉ ቁርጥራጮችን አንድ ናቸው ብሎ ያንዱን በሌላው ቦታ ይለጥፍ ነበር፤ 6 በዚህ መንገድ 8 ይሆናል፤ ያውም ምንም ሳይደበዝዝ። የኛ አውራ ጣት ቢያንስ መሸፈኑን አይደብቅም።

ይህን ሁሉ ለአንድ የማውቃቸው መምህር አጫወትኳቸው። በጥሞና ሰሙኝና ሁለተኛውን ጥያቄ ለፈተና ወደዱት። በምርጫ አወጡት፤ ንጽሕናው ስንት ነው? ሀ. 80፣ ለ. 83፣ ሐ. 87፣ መ. መልስ የለም። የድንጋዩን ክብደት የጻፉት 2■.0 ብለው ነው፤ ለገጹ ታማኝ ለመሆን ሲሉ። የመልስ ቁልፉን ግን ከጉደሩ ቅጂ ወስደውታል።