ገንዘቡ ገብቷል ወይ?

ቤታችን ኮምፒውተር ገብቶ አያውቅም። እኔና እህቴ ከሀና ማርያም ሆነን ሽሮና በርበሬ የምንሸጠው በአንድ ስልክ ነው። ሱቃችን የቴሌግራም ቻናል ነው፤ ገንዘብ የምንቀበለው በቴሌብር፣ ዕቃውን የሚያደርሰው ደግሞ የሰፈር ባጃጅ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ባይጀምር ኖሮ ጀሞ ላለ ሰው ሽሮ በዱቤ ካልሆነ እንዴት እንደምንሸጥ አላውቅም።

የዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሽሮ ይፈለጋል። በዚያ ሰሞን አንድ ሰው አምስት ኪሎ ሽሮና ሁለት ኪሎ በርበሬ አዘዘ፤ ሒሳቡ 2,600 ብር። ወዲያው የክፍያውን ስክሪንሾት ላከ። አፍታም ሳይቆይ እህቴ ስልክ ላይ «2,600 ብር ተቀብለዋል» የሚል መልእክት ገባ። ባጃጁ ሄደ፣ ዕቃው ደረሰ።

ማታ ሒሳብ ስንሠራ ነገሩ አልገጥም አለ። ከዚያ በፊት ቀሪያችን 4,150 ነበር፤ 2,600 ሲጨመርበት 6,750 መሆን አለበት። መልእክቱ ግን ቀሪ ሂሳብ 3,400 ይላል! የቴሌብር መልእክት 127 ከሚለው ላኪ ነው የሚመጣው፤ ከቀድሞዎቹ መልእክቶች ሥር ይደረደራል። ይኼኛው ከተራ 09 ቁጥር የተላከ ነበር። *127# ደውለን ቀሪውን ስናይ 4,150 እንዳለ ነው። ሰውየው ስልኩን ዘግቷል። እህቴ በርበሬውን የቀነጠሰችበት እጇ ገና ያቃጥላት ነበር፤ እኔን ያናደደኝ ከብሩ ይልቅ ይህ ነው።

ስክሪንሾት ሥዕል ነው፤ ስሙንም ብሩንም ቀይሮ መላክ ይቻላል። ስለዚህ አሁን የምናየው የራሳችንን ሂሳብ ብቻ ነው፦ የመልእክቱ ላኪ 127 ነው ወይ? አዲሱ ቀሪ ከቀድሞው ቀሪና ከተከፈለው ብር ድምር ጋር ይገጥማል? ከተጠራጠርን በመተግበሪያው የግብይት ዝርዝር ውስጥ የግብይት ቁጥሩን እንፈልጋለን። ኢንተርኔት ሲጠፋ *127# ይበቃል።

ግን መልእክት ስለዘገየ ብቻ ሰውን ሌባ ማለት ነውር ነው። ኔትወርክ ሲደክም እውነተኛው መልእክት ራሱ ይዘገያል። አንዲት ጎረቤታችን በእርግጥ ከፍለው መልእክቱ አልመጣ ሲል «ልጄ፣ እኔን አታምኚኝም?» ብለው ቅር ተሰኙ። እህቴ ቀሪ ሂሳቡን ፊታቸው ከፈተች፤ ብሩ ገብቷል። «እማማ፣ ገብቷል፣ ይውሰዱ» አለቻቸው።

ከእኛም ሆነ ከሌላ የስልክ ነጋዴ የምትገዙ፣ ሻጩ ሂሳቡን እስኪያይ ብትጠብቁት አትቀየሙት። የከፈላችሁበትን የግብይት ቁጥር ጽፋችሁ ብትልኩለት ደግሞ ሥራውን ታቀልሉለታላችሁ።