የሠራተኞችን መጠይቅ ውጤት ከንቱ ማድረጊያ መንገዶች

የሠራተኞች የሥራ ተነሳሽነት መጠይቅ ጥቂት ሰው ባለበት ክፍል ያለ ብዙ ድካም ሊበላሽ ይችላል። ብዙ መቶ ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ አማካይና መቶኛ ይዞ ቢነጋገር ያስኬደዋል። ዘጠኝ ሰው ባለበት ቢሮ ግን አንድ ሰው ብቻውን ከመቶ አሥራ አንድ እጅ ነው። የአንዱ ሠራተኛ መጥፎ ሳምንት ቁጥሩን ሊያወርደው፣ የአንዱ ደስታም ሊያነሣው ይችላል። ማበላሸት የፈለገ ኃላፊ የሚጀምረው ይህን በመርሳት ነው።

ለማሳያ ያህል አዳማ ላይ ያለ አንድ የትራንዚት ቢሮ እንውሰድ። ቢሮው ምሳሌ ነው፤ አሠራሩ ግን ከተማው የሚያውቀው ነው። ዘጠኝ ሠራተኞች አሉት። ትራንዚተሮቹ ሞጆ ደረቅ ወደብ እየተመላለሱ ከጅቡቲ የገባ ኮንቴይነር ከጉምሩክ ያስለቅቃሉ፤ ቢሮ የሚቀሩት ዲክላራሲዮን ያዘጋጃሉ። ደመወዝ የሚወስነው አዲስ አበባ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት ነው። መጠይቁን የሞሉት ሰባት ሲሆኑ፣ መልሱ ከ1 (በፍጹም አልስማማም) እስከ 5 (በጣም እስማማለሁ) ይሄዳል።

ከሁሉ ፈጣኑ የማበላሻ መንገድ ማን ምን እንደመለሰ ማፈላለግ ነው። ለዚህ ውጤቱን በፆታ፣ በአገልግሎት ዘመንና በሥራ መደብ መከፋፈል ይበቃል፤ ቢሮው ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁለት ከሆኑ የሁለቱ አማካይ ከስማቸው አይለይም። አዳማ ላይ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። መጠይቁ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መቅረቡ ተገቢ ነው፤ ሰው ሐሳቡን በሚቀለው ቋንቋ መግለጽ አለበት። ውጤቱ በቋንቋ ተለይቶ ሲወጣና በአንዱ የሞሉት ሦስት ብቻ ሲሆኑ ግን ሦስቱም ተጋልጠዋል። በእጅ የተጻፈ አስተያየትም ጸሐፊውን ያሳብቃል። ጥንቃቄ የሚያደርጉ ድርጅቶች ቢያንስ አምስት ሰው ያልመለሰበትን ክፍፍል አያወጡም፤ አስተያየቱንም በአንድ ሰው አስተይበውና ቅደም ተከተሉን አዘበራርቀው ነው የሚያቀርቡት። አንድ ጊዜ «ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?» የተባለበት ቢሮ በሚቀጥለው ዓመት የሚያገኘው ሁሉም ላይ 4 የተሞላ ወረቀት ነው። ያኔ ቁጥሩ ያምራል፣ ችግሩ ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

ሁለተኛው መንገድ አማካዩን ብቻ ማየት ነው። «ለሠራሁት ሥራ ዕውቅና አገኛለሁ» ለሚለው ጥያቄ ሰባቱ የሰጡት መልስ 2፣ 2፣ 2፣ 2፣ 3፣ 5፣ 5 ነው። አማካዩ 3 ይሆንና ኃላፊው «መካከለኛ ነው፣ አይከፋም» ብሎ ያልፈዋል። መካከለኛ ያለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። አራቱ አላገኘንም ብለዋል፤ ሁለቱ ረክተዋል። ይህ ቢሮው ውስጥ የሚታዩና የማይታዩ ሠራተኞች ሊኖሩ እንደሚችሉ የሚጠቁም ምልክት ነው። በሰባት ሰው ላይ አማካይ ከመሥራት ሰባቱን ቁጥሮች በመስመር ደርድሮ ማየት የበለጠ ይነግራል።

ዘንድሮን ከአምና ማወዳደርም ለማበላሸት ይመቻል። አምና ስምንት ሰዎች መልሰው አማካዩ 3.25 ነበር እንበል። «ዕውቅና ወርዷል» የሚል ስላይድ ተዘጋጅቶ ለዋና መሥሪያ ቤት ይላካል። ዘንድሮ 2 ካሉት አንዱ 4 ቢል ኖሮ ግን አማካዩ 3.29 ሆኖ ወሬው «ተሻሽሏል» ይሆን ነበር። በአንድ ሰው እጅ የሚገለበጥ ልዩነት ለውጥ ተብሎ ሊነገር አይገባም። ያልሞሉት ሁለት ሠራተኞችም እንደ ረኩ ሊቆጠሩ አይችሉም፤ ምን እንደሚያስቡ አይታወቅም።

የመጨረሻውና ብዙ ቢሮ የሚወድቅበት ጥፋት የእርምጃ ምርጫው ላይ ነው። ዝቅተኛውን ነጥብ ያገኘው ደመወዝ ነው፤ አማካዩ ከ2 በታች ነው። ማበላሸት የፈለገ ኃላፊ ይህን ያነሣና «ደመወዝ እናሻሽላለን» ብሎ ቃል ይገባል። ከዚያ ኮሚቴ ያቋቁማል፣ አሥር ነጥብ ያለው ዕቅድ ይለጥፋል። ደመወዙ በእሱ እጅ ስላልሆነ ከመንፈቅ በኋላ ቃሉ ታጥፏል፤ ከአሥሩ ነጥብም የተፈጸመ የለም። ሠራተኛው የሚያስታውሰው የተገባውን ቃል ነው።

ትክክለኛው ምርጫ ዝቅተኛውን ነጥብ ሳይሆን ሦስት ነገር የተገጣጠመበትን ይፈልጋል፤ ብዙዎቹ ተመሳሳይ መልስ የሰጡበት፣ አስተያየቱ ምክንያቱን የሚናገርበት፣ ኃላፊው ያለ ማንም ፈቃድ ሊያደርገው የሚችል። በዚህ ቢሮ «የሥራ ሰዓቴን አስቀድሜ አውቃለሁ» ለሚለው መልሱ 1፣ 1፣ 2፣ 2፣ 2፣ 2፣ 4 ነው። ከሰባቱ ስድስቱ አንድ ላይ ናቸው፤ አስተያየቱም «ነገ ሞጆ እንደምሄድ የማውቀው ማታ በስልክ ነው» ይላል። የመጀመሪያው እርምጃ እዚህ ላይ ነው። «ማታ አንደውልም» ብሎ ቃል መግባት ግን አይቻልም፤ ኮንቴይነር ሞጆ የሚደርስበትን ሰዓት ቢሮው አይወስንም። የሚቻለው ተረኛ መመደብ ነው። ዘወትር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሚቀጥለው ሳምንት የሞጆ ተረኞች ስም በቢሮው የቴሌግራም ግሩፕና በግድግዳ ላይ ይወጣል። ድንገተኛ ሥራ ቢመጣ የሚጠራው ተረኛው ነው፤ ሌላው ልጁን ትምህርት ቤት ለማድረስ ወይም ማታ ለመማር ሊያቅድ ይችላል። የትርፍ ሰዓቱ ብዛት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከተፈቀደው በሳምንት 12 ሰዓት ካለፈ ደግሞ ጉዳዩ የተነሳሽነት ሳይሆን የሕግ ነውና ለመጠይቅ ሊተው አይገባም።

ሁለተኛው እርምጃ የዕውቅናው ነው። መልሱ የተከፈለ ስለሆነ ግምት አይበቃም። ኃላፊው ሠራተኞቹን ሰብስቦ «2 ያላችሁ እነማን ናችሁ?» ማለት የለበትም፤ «ይህ ነጥብ ወደ 4 እንዲወጣ ምን ሲደረግ ማየት ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ለምሳሌ «ፋይል ሲዘጋ ለዋና መሥሪያ ቤት የሚጻፈው የትራንዚተሩ ስም ብቻ ነው፤ ዲክላራሲዮኑን ያዘጋጀው አይጠቀስም» ከሆነ፣ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሪፖርቱ ላይ የሁለቱም ስም ይሰፍራል። ገንዘብም ፈቃድም አይጠይቅም።

ስለ ደመወዙ ዝም ማለት አይገባም። «በእኔ ሥልጣን አይደለም፤ ለዋና መሥሪያ ቤት በዚህ ቀን በደብዳቤ አሳውቄያለሁ፤ ያገኘሁትን መልስ እነግራችኋለሁ» ማለት ሐቅ ነው። ከሁለቱ እርምጃዎች ግን አንዱ ሆኖ አይቆጠርም።

ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ተጠሪና አንድ ቀን ይጻፍለታል። ከሦስት ወር በኋላ ሁለቱ ጥያቄዎች ብቻ በድጋሚ ይጠየቃሉ፤ የሚታየውም አማካዩ ሳይሆን በሥራ ሰዓቱ ጥያቄ 1 ወይም 2 ካሉት ስድስቱ ስንት እንደቀሩ ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢቀንስ ገና ምንም አልተባለም፤ ወደ ሁለት ቢወርዱ ተራው ሠርቷል። ውጤቱን አግኝቶ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ኃላፊ ካለ፣ ሰባቱን ቁጥሮች በዚህ ሳምንት አውጥቶ በመስመር ይደርድራቸው፤ የሐሙሱንም የተረኞች ዝርዝር ይለጥፍ።