ያለ ሞዴል 22 የወጣ ገንዘብ

አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። በእኔ መጋዘን ሞዴል 19 ሳይቆረጥለት የገባ፣ ሞዴል 22 ሳይፈረምለት የወጣ ዕቃ የለም። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው አምፖል ፈልገው መጥተው «ነገ ፈርሜ እልካለሁ» ቢሉኝ ጨለማ ውስጥ አስመሽቻቸዋለሁ። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም። ባለፈው ዓመት 1,850 ብር፣ ያለ አንዲት ቁራጭ ደረሰኝ፣ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ለማላውቀው ሰው የላክሁት እኔው ነኝና፣ ያንን ከመስማታችሁ በፊት ማን እንደነበርኩ እንድታውቁልኝ ብዬ ነው።

መሥሪያ ቤታችን አዲስ መዋቅር ሠራ። መዋቅሩ ሲሠራ እኔ ከመዋቅሩ ውጭ ቀረሁ። እንግዲህ በኛ ጊዜ ሥራ የሚፈለገው አራት ኪሎ ነበር። ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ አከራዩ «ጨርሱ እንጂ!» እያለ ሲያጣድፍ የስልክ ቁጥሩን መዳፍ ላይ መገልበጥ ነው። አሁን ያ ቀርቷል መሰለኝ፣ የእህቴ ልጅ ስልኬን ተቀብሎ አሥራ አንድ የቴሌግራም ቻናል ውስጥ አስገባኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኬ እንደ ቆሎ ምጣድ ሲንጣጣ ይውላል።

ከመሀከላቸው አንዱ ዓይኔን ያዘው። የታወቀ የውጭ ዕርዳታ ድርጅት ስም፣ ዓርማው ጭምር። «የመጋዘን ኃላፊ። ብዛት 40። ደመወዝ 48,500 ብር። ልምድ 0 ዓመት። አድራሻ ቦሌ።» አርባ የመጋዘን ኃላፊ! እኔ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ለአምስት ቅርንጫፍ አራት የመጋዘን ኃላፊ ነበርን፣ አምስተኛው ቁልፍ እኔው ጋ ነበር። አርባ መጋዘን የት አለና ነው? ደግሞስ አርባ ስምንት ሺህ ብር የሚከፍል ሰው ለምን ልምድ የሌለው ይፈልጋል? ቦሌስ ስንት ሕንፃ አለው? ጥያቄዎቹ ሁሉ መጥተውልኝ ነበር። ነገር ግን ሦስት ወር ቤት የዋለ ሰው ጥያቄ ሲመጣለት መልሱንም ራሱ ያዘጋጃል፤ «ትልቅ ድርጅት ነው፣ ይኖረዋል» አልኩና አመለከትኩ።

ፈተናው በጽሑፍ ነበር፤ እዚያው ቴሌግራም ላይ አምስት ጥያቄ። አንዱ «በቡድን መሥራት ይወዳሉ?» የሚል ነው። እወዳለሁ አልኩ። በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ «እንኳን ደስ አለዎት» ከአበባ ጋር መጣ። ፊቴን ያየ፣ ድምፄን የሰማ የለም። በሕይወቴ እንዲህ በፍጥነት የተወደድኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ባለቤቴን እንኳ ለማሳመን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ቀጥሎ አንዲት ልጅ ደወለች። ትሕትናዋ! «አቶ» ሳትል ስሜን አትጠራም። «ለባጅ፣ ለሲም ካርድና ለሥልጠና ማኑዋል 1,850 ብር ያስገባሉ፣ ከመጀመሪያው ደመወዝዎ ጋር ይመለስልዎታል። እስከ 11 ሰዓት ካልገባ ግን ዕድሉ ለተጠባባቂ ይተላለፋል» አለችኝ። ሰዓቱ 10 ተኩል ነበር። አካውንቱን ላከች፣ ቁጥሩን አስገባሁ፣ እናንተም እንደምታውቁት ገንዘቡ ከመሄዱ በፊት የተቀባዩ ስም ስክሪኑ ላይ ይመጣል። መጣ። የድርጅት ስም አይደለም። የአንድ ወንድ ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ነው።

እዚህ ላይ ነው ያ አምፖል የከለከለው ሰውዬ መነሳት የነበረበት። ደወልኩላት። «የካሸራችን ስም ነው፣ የድርጅቱ አካውንት ኦዲት ላይ ስለሆነ» አለች። ኦዲት የሚለውን ቃል ስሰማ፣ ምን ልበላችሁ፣ የሙያ ባልደረባ ያገኘሁ መሰለኝ። ኦዲት ላይ ያለ መሥሪያ ቤት ገንዘቡን በግለሰብ ስም የሚቀበል ከሆነ ኦዲቱ የሚያልቀው ማረሚያ ቤት መሆኑን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። «ይቀጥሉ» የሚለውን ነካሁት።

በማግሥቱ ፎርም መጣ። ሙሉ ስም፣ የእናት ስም፣ የመታወቂያ ፊትና ጀርባ ፎቶ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ከባንኩ ጋር የተያያዘ ስልክ። ሞላሁ። በእውነቱ የሒሳብ ቁጥር ብቻውን ያን ያህል አያስፈራም፤ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴም ደመወዝ ሊያስገባልኝ ተቀብሎኛል። ልዩነቱ ያኛው የተቀበለኝ የቅጥር ደብዳቤ ከሰጠኝና ውል ካስፈረመኝ በኋላ፣ ሰው ሀብት ቢሮ ተቀምጬ መሆኑ ነው። እነዚህ ግን ከሒሳብ ቁጥሩ አስከትለው «ለማረጋገጫ ባለ 6 አኃዝ ኮድ በመልእክት ይደርስዎታል፣ ይላኩልን» አሉ። ያ ኮድ የሚመጣው አንድ ሰው በሌላ ስልክ የእኔን ሒሳብ ሊከፍት ሲሞክር መሆኑን አላውቅም ነበር። መልእክቱ ራሱ «ለማንም አይስጡ» ይላል፤ ነገር ግን እነሱ «ማንም» አይመስሉኝም፣ አሠሪዎቼ ናቸው።

ያዳነኝ መብራት ኃይል ነው። ከጧት ጀምሮ መብራት አልነበረም፣ ስልኬ ኮዱን እያየሁት ሞተ። ጎረቤት ሄጄ ቻርጅ እስካደርግ ሁለት ሰዓት አለፈ፤ ብልክላቸው የሞተ ቁጥር ሆኖ ተገኘ። በዚያን ቀን ስለ መብራት መጥፋት የተናገርኩትን ሁሉ አንስቻለሁ።

ማታ የእህቴ ልጅ መጣ። «ጋሼ፣ የንግድ ፈቃዳቸውን አይተኸዋል?» አለኝ። አይቻለሁ፤ ቻናላቸው ላይ ማኅተም ያለበት ፎቶ ለጥፈዋል፣ እኔን ያሳመነኝም ግማሹ እሱ ነው። ልጁ ፎቶውን አጉልቶ ባለ አሥር አኃዙን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፈና etrade.gov.et የሚባለው የንግድ ሚኒስቴር ገጽ ላይ አስገባው። የወጣው ፈቃድ የሥጋ ቤት ነው። ባለ ሥጋ ቤቱ ምናልባት ግድግዳው ላይ የሰቀለውን ፈቃድ አንድ ቀን ጥብስ ሊበላ የገባ ደንበኛ ፎቶ አንስቶበት ይሆናል። ፎቶው ላይ የድርጅቱ ስም የተጻፈባቸው ፊደላት ከሌሎቹ ትንሽ ወፍረው ነበር፣ አሁን ሳየው። ትናንት አልወፈሩም።

ልጁ አላቆመም። የተባበሩት መንግሥታት የሚያወጣቸውን የሥራ ማስታወቂያዎች ግርጌ አሳየኝ፤ በማመልከቻም ሆነ በቃለ መጠይቅ፣ በቅጥር ሒደትም ሆነ በሥልጠና ክፍያ እንደማይጠይቅ፣ የአመልካች የባንክ ሒሳብ መረጃም እንደማያስፈልገው እዚያው ተጽፏል። እኔ ከማስታወቂያ ላይ ደመወዙን እንጂ ግርጌውን አንብቤ አላውቅም።

«በቃ 1,850 ብር ተበላሁ» ብዬ ተኛሁ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ባንኬ መልእክት ላከ፤ 38,000 ብር ገብቶልኛል። ሒሳቤ ውስጥ 4,200 ብር ነበር ያለው። ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ አየችና «የማን ነው?» አለች። የሰው ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየት መጣ?» መሰለኝ ነበር፤ እሷ ግን ባለቤቱን ነው የፈለገችው።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ልጅቷ ደወለች። ያው ትሕትና። «አቶ እገሌ፣ ሥራ ጀምረዋል ማለት ነው። ለአዲስ ሠራተኞች የላፕቶፕ መግዣ ነው በእርስዎ በኩል የገባው። 1,000 ብር ለትራንስፖርት ያስቀሩና 37,000 ለአቅራቢው በዚህ ቁጥር ያስተላልፉ። ዛሬውኑ።»

አዲስ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ቀኑ ላይ፣ ገና ፊቱን ያላየውን የመጋዘን ሠራተኛ ገንዘብ ተቀባይ ያደርገዋል? ግዥ ያለ ፕሮፎርማ፣ ክፍያ ያለ ሰነድ፣ ያውም በሠራተኛው የግል ሒሳብ? ያን ጊዜ ነው ያ አምፖል የከለከለው ሰውዬ ከአሥራ ሰባት ዓመት እንቅልፉ፣ ይቅርታ ከሦስት ወሩ፣ የነቃው። «ሞዴል 22 ላኩልኝ» አልኳት። «ምን?» አለች። «የወጪ ሰነድ፣ ፈርሜ ነው የማወጣው።» ስልኩ ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ወንድ ደወለ፤ እሱ «አቶ» አይልም። «የሰው ገንዘብ ይዘህ የት ልትደርስ ነው! ቶሎ መልስ» ብሎ ሌላ የሒሳብ ቁጥር ሰጠኝ።

ለመመለስ እጄ ተነስቶ ነበር፣ አልዋሽም። የሰው ገንዘብ ያቃጥላል። የያዘችኝ ባለቤቴ ናት፤ «መመለስስ ለላከው ነው እንጂ ለጠየቀው ነው?» አለች። እውነቷን ነው፤ እኔ ካስተላለፍኩት በኋላ የገንዘቡ ባለቤት ቢመጣ 38 ሺሁ የሚጠየቀው ከእኔ ነው። ባንክ የሚያውቀው በስሜ መግባቱንና በእጄ መውጣቱን ብቻ ነው።

ባንክ ሄድኩ። የደንበኞች አገልግሎት ላይ ያለችው ልጅ ነገሩ አልገረማትም፣ ይኸው ነው ያሳዘነኝ። «ምንም አይንኩት፣ ማመልከቻ ይጻፉ» አለችኝ። ጻፍኩ። ሒሳቤ ከነ 4,200 ብሬ ታገደ፣ እኔም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተላክሁ። ለሃያ ሦስት ቀን ከባለቤቴ የታክሲ ገንዘብ ስቀበል ሰነበትኩ፤ እሷ ደግሞ በየቀኑ አስፈርማ ነው የምትሰጠኝ።

ጣቢያ የገንዘቡ ባለቤት ተጠርታ መጣች። ዕድሜዋ ከሃያ አምስት አይዘልም። ስታየኝ ሌባ እንዳየች ነው ያየችኝ፤ አልፈርድባትም፣ ገንዘቧን ስትልክ ስክሪኗ ላይ የመጣው ስም የእኔ ከነአያቴ ነው። ፖላንድ የፋብሪካ ሥራ ብለዋት፣ ለቪዛ ማስያዣ የአክስቷን የዕቁብ ገንዘብ ተበድራ የከፈለችው ነው። «ያ ካሸር እርስዎ ኖት?» አለችኝ። ካሸር! መልስ አጥቼ ስልኬን ዘረጋሁላት። የእኔን «እንኳን ደስ አለዎት» አየች፣ የራሷን አወጣች። አበባው ሳይቀር አንድ ነው፤ ከሥሩ ያለው የፊደል ስህተት እንኳ አንድ ነው።

መርማሪው በእርጋታ አስረዳን። እነዚህ ሰዎች በራሳቸው ስም ሒሳብ ቢጠቀሙ በአንድ ቀን ይያዛሉ። ስለዚህ ሥራ ፈላጊ ፎርም ያስሞላሉ፤ ያንዱን አመልካች ክፍያ በሌላው አመልካች ሒሳብ አስገብተው ያስወጡታል። ፎርሙን የሞላሁ ጊዜ፣ ለካ እውነትም ቀጥረውኛል።

ከዚያ «እርስዎ 1,850 የላኩለት ማን ነው?» አለኝ። ስሙን በቃሌ ነው የማውቀው፣ ከነአባቱ ከነአያቱ ነገርኩት። ፋይሉን ገለጥ ገለጥ አደረገና «እሱ ማክሰኞ መጥቶ ቃሉን ሰጥቷል። የሒሳብ አያያዝ ምሩቅ ነው፣ ካሸር አድርገን ቀጥረንሃል ብለውት» አለኝ።

ባለቤቴ ያን ስም ከጸሎት በኋላ በየማታው እየጠራች ስትረግመው ሰንብታለች። ማታ ራት ላይ የሆነውን ነገርኳት። የጠቀለለችውን ጉርሻ ይዛ ብዙ ዝም አለች።

«ታዲያ አሁን ማንን ልርገም?» አለችኝ።