ዋልያን በምስክር ማስገኘት

ደባርቅ ላይ ከአስፋልቱ ዳር አንድ ስም ያልወጣለት ሙያ በቅሏል። ባለሙያው እንደ ስካውቱ ጠመንጃ አይሸከምም፣ እንደ ባለበቅሎው ጭነት አያስርም፣ ከሳንቃበር ወዲያም ብርድ ስለማይወድ አዘውትሮ አይሄድም። መሣሪያው ስልክ ነው። ሥራው ከተራራው የተመለሰ እንግዳ የላከውን ቃል ተቀብሎ፣ አበጥሮና አንጓሎ «የደንበኞቻችን ምስክርነት» በሚል ርእስ ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ነው። ይህን ሙያ የሚያናንቁ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ከነሱ ወገን አይደለሁም፤ ጥበቡን በቅርብ ያየ ሰው ሊያናንቀው አይችልም።

እንበልና አንዲት መምህርት ልጇን ይዛ ከአዲስ አበባ መጣች። ሳንቃበር አደረች፣ በማግስቱ ጨነቅ ድረስ በመኪና ሄደች፣ ተመለሰች። ጎንደር እንደገባች ላስጎበኛት ልጅ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ወንድሜ፣ በሰላም ገብተናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጭላዳዎቹ አጠገባችን ድረስ ሲመጡ ልጄ በደስታ አበደች። ዋልያ ግን በሁለቱም ቀን ሳናይ መመለሳችን ቆጭቶኛል፤ ጭጋጉ አላላውስ አለን። የሌሊቱን ብርድ ቀደም ብለህ ብትነግረን ደግሞ ጃኬት እንጨምር ነበር። አንተ ግን ጨዋ ልጅ ነህ፤ ተባረክ።»

ይህ መልእክት እንዳለ ቢወጣ ምን ይጠቅማል? ስለ ጭጋግ ያወራል፣ ስለ ብርድ ያወራል፣ ጭራሽ ሰውን ጃኬት ያስገዛል። ባለሙያችን ግን ተቀምጦ ሠራበት። በማግስቱ ቻናሉ ላይ የወጣው ይኸው፦ «ልጄ በደስታ አበደች… ዋልያ… በሁለቱም ቀን… አንተ ጨዋ ልጅ ነህ፤ ተባረክ!» ከሥሩም «አንዲት ደስተኛ ደንበኛችን» ይላል።

ልብ በሉ፤ አንድም ቃል አልጨመረም። ይህን ሲነግራችሁ ደረቱን ይነፋል፤ «እሷ ያላለችውን መቼ አልኩ?» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሁሉም ቃል የሷ ነው። የሱ ነጥቦቹ ብቻ ናቸው። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። ለሱ ሲባል ፓርኩ በ1950ዎቹ መጨረሻ ተከለለ፤ እሱና አገሩ አደጋ ላይ ናቸው ተብሎ ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ላይ ቆየ። ያን ሁሉ ዘመን ስንት ባለሙያ እንስሳውን ለማብዛት ደከመ! የኛ ሰው በሦስት ነጥብ፣ በጭጋግ ውስጥ፣ ያውም ሁለት ቀን ደጋግሞ አስገኘው።

ጥበቡ በዚህ አያበቃም። ከሳምንት በኋላ ነጥቦቹም ይረግፋሉ፤ ቦታ ይይዛሉ። «ዋልያ በሁለቱም ቀን!» ብቻ ይቀራል። ከወር በኋላ ደግሞ «ደንበኞቻችን ሁሉ ዋልያ አይተዋል» ይሆናል፤ አንዲት መምህርት ብዙ ሆና ትራባለች። ከአጠገቡ የልጅቷ ፎቶ ይለጠፋል። ከእናቷ ገጽ ላይ የተወሰደ ነው፤ ገጹ ክፍት ነበር፣ ክፍት በር ደግሞ ግቡ ማለት ነው አይደል?

እዚህ ላይ አንዳንድ ሆደ ባሻ ሰዎች ሕግ ይጠቅሳሉ። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አውጥተው፣ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ አይለጠፍም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም እንደሚል ያነባሉ። ቀጥለው አንቀጽ 31ን ይገልጣሉ፤ ምስጢራዊ ደብዳቤ የተጻፈለት ሰው የጸሐፊውን ፈቃድ ሳያገኝ ይዘቱን ሊገልጥ አይችልም ይላል። አስቡት፤ ሕጉ ሲወጣ ቴሌግራም የሚባለው በፖስታ ቤት መስኮት የሚላከው ነበር። ባለሙያችን «የስልክ መልእክት ደብዳቤ አይደለም፣ ምስጢርም አይደለም» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ጎበዝ ጠበቃ ካገኘ አንቀጽ 31ን ያመልጥ ይሆናል። የልጅቷ ፊት ግን ደብዳቤ ነው አይደለም የሚል ክርክር የለውም። ደግሞም በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ፤ አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክለው የ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 759ም አለ። ግን አዋጅ እኮ ደባርቅ ሲደርስ ብርዱ ያንዘፈዝፈዋል።

በውጭ አገር ያሉት ታላላቆቻችን ይህን ጥበብ ከኛ በፊት ሞክረውታል። ሰንደይ ራይሊ የተባለው የአሜሪካ የቆዳ ቅባት አምራች ሠራተኞቹ የውሸት ስም አውጥተው ምርቱን በሴፎራ መደብር ገጽ ላይ እንዲያሞግሱ ያደርግ ነበር፤ የማይወደድ አስተያየት ሲያዩም «አልወደድኩትም» የሚለውን እንዲጫኑ ይታዘዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን ክስ መሠረተበት። ፋሽን ኖቫ የተባለው ልብስ ሻጭ ደግሞ «ውሸት አላስጻፍኩም» በሚል ሳይሆን አይቀርም ልቡን የጣለው፤ እውነተኛ ደንበኞች ከጻፉት ውስጥ ከአራት ኮከብ በታች የሆነውን ብቻ ሳያወጣ ያስቀር ነበር። ኮሚሽኑ ይህንንም ማታለል ነው ብሎ ስለከሰሰው እ.ኤ.አ. በ2022 4.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የኛ ሰው ከዚህ የሚማረው ካለ፣ ማጭበርበሩ የግድ ውሸት መጻፍ እንደማይፈልግ ነው። አርባ ሰው ጽፎልህ አምስቱን መርጠህ ብትለጥፍ ሁሉም እውነት ነው፤ ያልተለጠፉት ሠላሳ አምስቱ ግን አንባቢው ዘንድ የሉም።

አሁን ደግሞ ይበልጥ ወደማደንቀው እንሂድ፤ ወደ ሙሉ በሙሉ እውነት ወደሆነው ምስክር። አንድ ጎረምሳ እግረ ቀላል ራስ ዳሽንን ወጥቶ «ምንም አይከብድም፤ ማንም ይወጣዋል» ብሎ ጻፈ። ለሱ አልከበደውም። በየቀኑ የሚሮጥ ልጅ ነው፤ በግጭና በጨነቅ በኩል እያደረ፣ ሰውነቱን ከፍታውን እያስለመደ፣ ከስምንት ቀን ያላነሰ ወስዶ ነው የወጣው። ባለሙያችን ቀኖቹን ጣላቸውና «ማንም ይወጣዋል»ን ያዘ። ጫፉ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ይህን ያነበበ የሃምሳ ዓመት ነጋዴ ሦስት ቀን ፈቃድ ወስዶ መጣ። ቧሂት አቀበት ላይ ራሱን አመመው፣ አስታወከ፤ ምን እንደሆነ የገባው ስካውት ካልወረደ እንደሚብስበት ስለሚያውቅ በጨለማ ደግፎ ወረደ። ስካውቱ ለዚህ «ምስክርነት» ላይክ አላገኘም። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ «ውጤቱ ከሰው ሰው ይለያያል» የምትለውን ትንሽ ጽሑፍ ከሥር መለጠፍ እንደማያድን ለአስተዋዋቂዎቻቸው ነግረዋል፤ አብዛኛው ሰው የሚደርስበትን አብረህ ተናገር ነው የሚሉት። እኛ ዘንድ ትንሿም ጽሑፍ ገና አልመጣችም።

ቀን መጣልማ ትልቁ ብልሃት ነው። በጥቅምት ሰማዩ ጠርቶ፣ ጅንባር ፏፏቴ ከነገደሉ ወለል ብሎ በታየበት ሳምንት የተጻፈ ቃል በነሐሴ ሲለጠፍ ማን ያውቃል? ቃሉ ቀን የለው፣ መንገድ የለው፣ የት እንዳደረ አይናገር። ጥርጣሬ የገባው አንባቢ የሚፈልገው እነዚህኑ ነው፤ መቼ ሄዱ፣ የት አደሩ፣ ስንት ሰዓት ተጓዙ፣ ምን ጎደለ። አንዳች ጉድለት የማይናገር ምስክር ሲያጋጥመው ከደባርቅ ሳይወጣ የተጻፈ መሆኑን ይጠረጥራል። መጠርጠሩ ነውር ቢመስልም፣ ትክክል ነው።

ሌላም ዓይነት ምስክር አለ፤ ስለ እሱ ዝም ማለት ሙያውን መበደል ነው። ጃናሞራ ውስጥ አንድ አባት አውድማ ላይ ገብስ ሲወቁ ፎቶ ይነሳሉ። ከሥሩ «የጃናሞራ ሕዝብ በእንግዳ ፍቅር ይፈነድቃል፤ ከዚህ ድርጅት የተሻለ አላየንም» የሚል ቃል ይገባል። አባ ይህን አላሉም። ያሉት «ልጄ፣ ከነፋሱ ወዲያ ቁም፣ ገለባው ዓይንህ ይገባል» ነበር። ስልካቸው የሚያወራ እንጂ የሚያሳይ አይደለም፤ ስለዚህ ለድርጅት ምስክር መቆማቸውን ከመካነ ብርሃን ገበያ የሚሰማ ዘመድ ይነግራቸው ይሆናል። እሳቸውን ለመጠየቅ ወረቀትና ፊርማ አያስፈልግም ነበር። ፎቶውን ስልኩ ላይ አሳይቶ፣ «አባ፣ ይህን የማላውቀው ሰው ሁሉ ያየዋል፤ እንግዳ ለመጥራት ነው፤ ላውጣው ወይስ ይቅር?» ማለት፣ «ይቅር» ካሉም እዚያው ፊታቸው ማጥፋት ብቻ ነበር። ግን ይህ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ባለሙያ ሁለት ደቂቃ የለውም።

የመምህርቷም ፈቃድ እንዲሁ ቀላል ነው፤ ለዚህ ነው ማንም የማያደርገው። ሙሉው ይህን ያህል ነው፦ «እኅቴ፣ የጻፍሽልኝን በድርጅቱ ቻናል ላይ ማውጣት እፈልጋለሁ። የማወጣው ይህን ነው፦ ‹ጭላዳዎቹን በቅርብ አየን። ዋልያ ግን በሁለቱም ቀን በጭጋግ ምክንያት አላየንም። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጃኬት ያዙ። አስጎብኛችን ጨዋ ነው። ሐምሌ፣ ሳንቃበርና ጨነቅ።› በስምሽ ይሁን ወይስ ያለ ስም? የልጅሽን ፎቶ አልጠቀምም። ካልፈለግሽ ምንም ቅር አይለኝም፤ ኋላም አውርድ ብትይኝ አወርዳለሁ።» ይህ የሚላከው ቤቷ ከገባች በኋላ ነው፤ ሒሳብ እየተከፈለ ወይም «ጥሩ ከጻፍሽ ቅናሽ አለ» እየተባለ ሳይሆን። መልሷም ይቀመጣል። ዝም ካለች ዝምታዋ አይለጠፍም።

ይህን ለባለሙያችን ቢያሳዩት ይስቃል። መሳቁ አይፈረድበትም፤ የሱ ሥራ የሚያልቀው ሲለጥፍ ነው። ጨነቅ ላይ በጭጋግ ውስጥ ቆሞ ስልክ የሚዘረጋለት አስጎብኚው ነው። «እዚህ ላይ እኮ ዋልያ በሁለቱም ቀን ይላል» ይሉታል። «አዎ ጋሼ» ይላል ልጁ፣ ምን ይበል፣ «በሁለቱም ቀን አላየንም ማለቷ ነው።» ቀሪው የክፍያ ክርክር፣ የጉርሻ መቅረት፣ ጎንደር ሆቴል ውስጥ ሲደገም የሚያድር ስድብ ነው።

ባለሙያችን ግን አንድ የማይመለስ የሚመስለው ጥያቄ አለው፤ «ሳንቃበር ይበርዳል፣ ዋልያ ላይታይ ይችላል ብዬ ብለጥፍ ማን ይመጣል?»

ጃኬት የያዘ ሰው።