ዓይኑ የጠፋ እንጀራ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ እኛ ሰፈር ያለው የሐበሻ ሱቅ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም። በርበሬ አለ፣ ኮሰረት አለ፣ አይዳሆ የበቀለ ጤፍ አለ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ እንጀራ አለ፤ አንዳንዴ የተበደረህ ሰው ሳይቀር ሽሮ ሲመርጥ ታገኘዋለህ። የሱቁን ባለቤት ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እትዬ ለሱቁ ድረ ገጽ ሥዕል አማራቸው፤ ቅመሙ፣ እህሉና እንጀራው ሞቅ ባለ የወጥ ቤት ብርሃን የሚታይበት። ፎቶ አንሺ የጠራላቸውን ዋጋ ሰምተው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ያን ሲጽፉለት ሥዕል የሚሠራውን ነገር ታውቀው የለ?»

ደመወዜ አንድ እሽግ እንጀራ ሆነ። ተስማማሁ።

ፕሮምፕቱን በአጭሩ ጀመርኩት፦ የኢትዮጵያ እንጀራ፣ ቅመማ ቅመም፣ ሞቅ ያለ ብርሃን። የወጣው ቂጣ ወፍራም፣ እዚህም እዚያም ያረረ፣ ቅቤ የተቀባ ነበር። እትዬ መነጽራቸውን አደረጉና አዩት። «ይሄ የሕንዶቹ ናን ነው። ወስደህ ለእነሱ ስጣቸው» አሉ።

ፕሮግራሙን ብዙም አልፈርድበትም። የተማረው ሰው ከሰበሰበለት ሥዕል ነው፤ የናንና የቶርቲላ ሥዕል ደግሞ ሞልቷል፣ የእኛ ጥቂት ነው። «እንጀራ» ሲባል ወደሚያውቀው ዘመድ ይሄዳል። «ናን እንዳይሆን» ብሎ መጨመርም አያዋጣም፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች «እንዳይሆን» የሚለውን ዘለው ናኑን ብቻ ይሰማሉ። የማይፈለገውን ለመጻፍ የተለየ ሳጥን ያላቸው አሉ፣ እዚያ ይጻፋል። እትዬ ይህን ሲሰሙ «የጠላትን ስም ከመጥራት ዝም ይሻላል» ብለው አጸደቁት።

መፍትሔው ስሙን ትቶ መልኩን መናገር ነው። መልኩን ለመናገር ግን ዕድሜ ልክ የበሉትን ነገር ቁጭ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከደመወዜ ላይ አንዱን ዘረጋሁት። ክብ ነው፣ ስስ ነው፣ ስፋቱ ግማሽ ሜትር ይሆናል። ምጣድ ላይ ስለማይገለበጥ ዓይኑ ከላይ ብቻ ነው፤ የቦካው ሊጥ አረፋ ወደ ላይ ወጥቶ ሲፈነዳ የሚተወው ቀዳዳ ነውና። ታቹ ልስልስ ነው። ያረረ ነጠብጣብ የለበትም፤ ሲያጥፉት እንደ ጨርቅ ይተኛል። ይህን ሁሉ ጻፍኩት። ጤፉንም የሩዝ ያህል አሳድጎት ስለነበር «ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰ» አልኩ። ኮረሪማው አረንጓዴ ሄል ሆኖ ስለመጣ «የደረቀ፣ ቀላ ያለ ቡናማ፣ አንገቱ ቀጠን ያለ ፍሬ» ብዬ አስተካከልኩ።

ቀጥሎ ያስቸገረን ብርሃኑ ነው። «ሞቅ ያለ» የምትለዋ ቃል ሥዕሉ ላይ ያለውን ሁሉ ቢጫ ትቀባለች። በርበሬው ብርቱካን መሰለ፣ ሽሮው እርድ ሆነ፣ ነጩ የማኛ እንጀራ ከፈረንጅ ፓንኬክ የማይለይ ሆነ። በርበሬ የሚሸጥ ሱቅ የበርበሬውን መልክ ካጣ ምን ቀረው? ስለዚህ ብርሃኑን ለሁለት ከፈልኩት። ሞቅ ያለውን አምፖል ከኋላ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀረሁት። እንጀራው ላይ ግን ከጎን፣ ዝቅ ብሎ የሚገባ የመስኮት ብርሃን አዘዝኩ። የጎን ብርሃን እያንዳንዱ ዓይን ውስጥ ጥላ ይጥላል፤ ከፊት የሚመጣው ግን ዓይኑን ያጠፋዋል። መጨረሻ ላይ ፕሮምፕቱ ይህን መሰለ፦

«ትልቅ፣ ስስ፣ ክብ የጤፍ ቂጣ፤ ላዩ በትናንሽ ቀዳዳዎች የተሞላ፣ ጠርዙ የታጠፈ። አጠገቡ ጠቆር ያለ ቀይ የተፈጨ በርበሬ በእንጨት ሳህን። ከግራ ዝቅ ያለ የመስኮት ብርሃን፤ ከኋላ፣ ደብዘዝ ብሎ፣ በአምፖል የበራ የእህል መደርደሪያ።»

ፕሮግራሙ እንግሊዝኛውን የተሻለ ስለሚያውቅ ተርጉሜ ነው ያስገባሁለት። ለቅመሙና ለእህሉ የሚሆኑትንም በዚሁ መልክ ጻፍኩ። በርበሬው በርበሬ ሆነ፣ መደርደሪያው ደስ የሚል ሆነ፣ እንጀራውም እንጀራ መሰለ። እትዬ ግን ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩና «ዓይኑ ሁሉ እኩል ነው» አሉ። «ይሄ በወስፌ የተበሳ እንጂ የተጋገረ አይደለም። ደንበኛዬ ይሄን አይቶ መጥቶ የኔን ሲያገኝ ምን ልለው ነው?»

እውነታቸውን ነው። የሚሸጠው እንጀራ ገዢው ቤት ሄዶ የሚዘረጋው ነው፤ ሥዕሉ ሌላ እንጀራ ካሳየ ማታለል ነው። በመጨረሻ ድረ ገጹ ላይ የወጣው ሥዕል መደርደሪያውና ብርሃኑ የፕሮግራሙ ሲሆን፣ እንጀራው እትዬ በስልካቸው መስኮት ሥር ያነሱት ነው። እናንተም ሱቅ ካላችሁ ጀርባውን ለማሽኑ ስጡት፤ የምትሸጡትን ግን ራሳችሁ አንሱ፣ ብርሃኑንም ከጎን አድርጉት።