«ያልኩት ሁሉ ይጻፍልኝ!»

«ጸሐፊ፣ ያልኩት ሁሉ ይጻፍልኝ!» ይላሉ ጋሼ፣ የኮንዶሚኒየማችን ስብሰባ ገና ሳይበተን። ጋሼ፣ ያሉትማ በስልኩ ተቀድቷል፤ አንዲት ቃል አልጠፋችም። ቃለ ጉባኤ የሚጻፈው ምን እንደተወሰነ፣ ማን እንደሚፈጽመውና እስከ መቼ እንደሆነ ስብሰባው ላይ ያልነበረ ሰው እንዲያውቅ ነው። የሁለት ሰዓት ወሬ ቃል በቃል ተገልብጦ ማን አንብቦ ይዘልቀዋል?

«እንግዲያው የመሰለህን ቆርጠህ ልታስቀር ነዋ!» ይላል ከኋላ የተቀመጠው ጎልማሳ። የለም ወንድሜ፣ የምቆርጠው ሌላ ነው፤ «እንደው»፣ «ምን ልበላችሁ»፣ «ማለት ነው» ይወጣሉ፣ ሦስቴ የተደገመው አንዴ ይጻፋል። «ከሆነ»፣ «ሳይሆን»፣ «ቢያንስ»፣ «ካልሆነ በስተቀር» ግን አይነኩም። አጭር ናቸው፣ ግን የተናጋሪው ሐሳብ የተንጠለጠለው በእነሱ ላይ ነው።

ካላመንክ የውሃ ፓምፑን ጉዳይ እንይ። ከቅጂው ግልባጭ አንዲት እናት የተናገሩት ይኸው፦

«እኔ እንኳን… እንደው ዝም ብሎ ከመጠበቅ፣ ፓምፑ ይጠገን ነው የምለው። ግን ሦስት ፕሮፎርማ ሳይመጣ ብር አይውጣ። ደግሞስ ያለፈውን ሒሳብ ሳናይ እንዴት ተብሎ!»

የቸኮለ ጸሐፊ «የፓምፑን ጥገና ደግፈዋል» ብሎ ያልፋል። ውሸት አልጻፈም፤ ሴትዮዋን ግን ያላሉት ቦታ አቁሟቸዋል። ነገ ያለ ፕሮፎርማ ብር ቢወጣ «እርስዎም ደግፈዋል» ሊባሉ ነው። ትክክለኛው ይህ ነው፦ «ፓምፑ እንዲጠገን ደግፈው፣ ሦስት ፕሮፎርማ ሳይቀርብና ያለፈው ሒሳብ ሳይታይ ገንዘብ ወጪ እንዳይደረግ ጠይቀዋል።» አንድ መስመር ነው፤ ሁለቱም ቅድመ ሁኔታ ግን አለበት።

«እሳቸው ከጠየቁማ ተወሰነ!» አትበለኝ። ጥያቄ ሌላ፣ ውሳኔ ሌላ። ግልባጩን ወደ ታች ስትወርድ ሰብሳቢው «ፕሮፎርማው ይምጣ፣ ሒሳቡን ግን በሚቀጥለው ስብሰባ እናየዋለን፤ ተስማማን?» ብለው እጅ አስወጥተዋል። ስለዚህ ከሁለቱ ቅድመ ሁኔታ የጸደቀው አንዱ ነው፣ ሌላው ተላልፏል። ለዚህ ነው እያንዳንዱን አጀንዳ ከመጨረሻው ጀምሬ የማነበው፤ መቋጫው ያለው እዚያ ነው። መጀመሪያ ላይ የተባለ ሐሳብ መጨረሻ ላይ ተሽሮ ይገኛል። ውሳኔው የተሰጠበትን ደቂቃም ከረቂቁ ዳር እጽፋለሁ፤ ክርክር ቢነሳ ቅጂው እዚያው ተከፍቶ ይሰማል።

«ገንዘብ ያዡ እኮ እሺ ብሏል!» የምትለኝ እህቴ፣ «እሺ»ው ለማን ነበር? «ሦስት ፕሮፎርማ ታመጣለህ?» ለተባለው ከሆነ ኃላፊነት ወስዷል፣ በስሙ ይጻፋል። ሰው ሲናገር መሐል መሐል «እሺ… እሺ…» ያለው ግን «እየሰማሁ ነው» ማለቱ ነው። «እስቲ እናያለን»ም ውሳኔ አይሆንም፣ ዝም ያለም ደግፏል አይባልም። «ተወስኗል» ብዬ የምጽፈው ሰብሳቢው ሲቋጩ ወይም ድምፅ ሲሰጥ ነው፤ በድምፅ ከሆነ የደገፈው፣ የተቃወመውና ድምፀ ተዐቅቦ ያደረገው ቁጥሩ አብሮ ይገባል።

«ፕሮፎርማው እንዲቀርብ ተወስኗል» ብሎ መዝጋትም አያዋጣም። ማን ያቅርበው? «ይቅረብ»፣ «ይደረግ»፣ «ይታሰብበት» አፋችን የለመዳቸው ናቸው፤ አድራጊውን ደብቀው ያልፋሉ። ግልባጩ ውስጥ ስሙ ካለ አውጥቼ እጽፈዋለሁ። ከሌለ ከራሴ አልሾምም፤ «ፈጻሚው አልተጠቀሰም» ብዬ ለሰብሳቢው አሳያለሁ። «የፊታችን ሰኞ በሦስት ሰዓት» የተባለውም ቀኑ፣ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ ተሞልቶ፣ ከጠዋቱ ይሁን ከምሽቱ ተለይቶ ይጻፋል። ከወር በኋላ ለሚያነብ ሰው የትኛው ሰኞ እንደነበር ማን ይነግረዋል?

«ንግግሬ ትንሽ ሻካራ ነበር፣ አሳምርልኝ» የሚልም አይጠፋም። ስድቡን አልጽፈውም፣ ተቃውሞውን ግን አላለሰልሰውም። «በፍጹም አልቀበልም» ያለ ሰው «ስጋታቸውን ገልጸዋል» ተብሎ ከተጻፈ ድምፁን ቀማሁት። የልዩነት ሐሳቤ በስሜ ይመዝገብልኝ ካለም ሐሳቡ ከነምክንያቱ ይመዘገባል። ግልባጩ ላይ ድምፅ ተደራርቦ ማን እንደተናገረ ካልለየሁ ደግሞ በግምት ስም አልለጥፍም፤ ቅጂውን መልሼ እሰማለሁ፣ ካልሆነም የነበሩትን እጠይቃለሁ።

«በቃ ጻፍክ አይደል፣ ቅጂውን አጥፋው!» አሁን አይሆንም። ረቂቁ በሚቀጥለው ስብሰባ ይነበባል፣ «እንዲህ አላልኩም» የሚል ካለ ደቂቃው ተከፍቶ ይሰማል፣ የተሳሳተው ይታረማል፣ ከዚያ ይፈረማል። ተፈርሞ ካለቀ በኋላ ይጥፋ ካላችሁ፣ እሱንም አጀንዳ ይዛችሁ ወስኑ፤ እጽፈዋለሁ።