የታኅሣሥን ተወርዋሪ ኮከቦች ሳያዩ ለማደር አምስት መመሪያዎች

በየዓመቱ ታኅሣሥ 4 ሌሊት፣ ለ5 አጥቢያ፣ ጀሚኒድስ የሚባሉት ተወርዋሪ ኮከቦች ሰማያችን ላይ ይዘንባሉ። ከጨለማ ቦታ በትክክለኛው ሰዓት ለሚመለከት ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰማንያ ያህል ሊታዩት ይችላሉ። ገንዘብም ሆነ መሣሪያ አይጠይቁም። ወሩም በጋ ስለሆነ ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው።

እንዲህም ሆኖ ብዙ ሰው ሳያያቸው ያድራል። ይህ በአጋጣሚ የሚሆን ነገር አይደለም፤ የታወቀ መንገድ አለው። መንገዱን ከዚህ በታች በአምስት መመሪያ አስቀምጫለሁ። ከእያንዳንዱ መመሪያ ሥር ሌሊቱን እንዴት እንደሚያበላሽ ጽፌያለሁ። ማየት የሚፈልግ አንባቢ መመሪያውን ገልብጦ ይያዝ።

1. ነሐሴን ይጠብቁ

የውጭ ዜናዎች ስለ ተወርዋሪ ኮከቦች አብዝተው የሚያወሩት በነሐሴ ነው። በነሐሴ 6 እና 7 አካባቢ ፐርሲድስ የሚባሉት ይመጣሉ። ወቅቱ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ሞቃት የዕረፍት ጊዜ ስለሆነ ሰው ሜዳ ላይ ተኝቶ ያያቸዋል። በዋሽንግተን ወይም በሮም ለሚኖሩ ወገኖቻችን ነሐሴ በእርግጥ ጥሩ ወር ነው።

በኢትዮጵያ ደጋ ግን ነሐሴ የክረምቱ እምብርት ነው፤ ደመናው ሌሊቱን ሙሉ ላይገለጥ ይችላል። ቢገለጥ እንኳ ፐርሲድስ የሚፈልቁበት የሰማይ ክፍል ከአዲስ አበባ ሲታይ በሰሜን በኩል ከአድማስ 40 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ይላል። የጀሚኒድስ መፍለቂያ ግን 66 ዲግሪ ይደርሳል። መፍለቂያው ከፍ ባለ መጠን ከአድማስ በታች የሚቀሩት ይቀንሳሉ። ስለዚህ ለእኛ አገር የዓመቱ ዋና ሌሊት የታኅሣሡ ነው።

2. ኮከቡ ተመልሶ እስኪመጣ ይቁጠሩ

ሁለተኛው መንገድ በየዓመቱ የሚመለሰው አንድ ኮከብ ነው ብሎ ማመንና የእሱን መምጫ መጠበቅ ነው። ይህን የሚያምን ሰው የዘንድሮው ቢያመልጠው የከርሞው መቼ እንደሚሆን አያውቅም።

ተወርዋሪ ኮከብ ኮከብ አይደለም። የአሸዋ ቅንጣት የምታክል ጠጣር ብናኝ ናት። የጀሚኒድስ ብናኝ በሴኮንድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረች ወደ ከባቢ አየራችን ትገባለች፤ ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትደርስ ግላ ታበራለች፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሴኮንድ ውስጥም ትጠፋለች።

የብናኞቹ ምንጭ ፋኤቶን የሚባል አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ድንጋያማ አካል ነው። ኢራስ የተባለችው ሳተላይት በጥቅምት 1983 እ.ኤ.አ. አገኘችው። ብዙዎቹ የተወርዋሪ ኮከብ ፍሰቶች የሚመነጩት በረዶ ከተሸከሙ ጅራታም ኮከቦች ስለሆነ፣ የዚህኛው ምንጭ አስትሮይድ ሆኖ መገኘቱ ሳይንቲስቶችን አስገርሟል። ፋኤቶን ፀሐይን የሚዞረው በ524 ቀናት ነው። ወደ ፀሐይ ሲጠጋ የሜርኩሪን ምሕዋር አልፎ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ውጭ ተመልሶ የማርስን ምሕዋር ያልፋል።

ፋኤቶን በዓመት አይመለስም፤ ተወርዋሪዎቹ ግን በዓመት ይመለሳሉ። ምክንያቱ ይህ ነው። ከእሱ የወጡት ብናኞች በረጅም ዘመን ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ተበትነው የምሕዋሩን መንገድ ዙሪያውን ሞልተውታል። መንገዱ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ስለሌለ ፋኤቶን የትም ይሁን የት ብናኝ አለ። ይህ የብናኝ መንገድ ደግሞ የመሬትን ምሕዋር በአንድ በተወሰነ ቦታ ያቋርጣል። መሬት እዚያ ቦታ የምትደርሰው ዙሯን ስትጨርስ፣ ማለትም በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ተመላሿ እኛ የተሳፈርንባት መሬት ናት።

ቀኑ ከዓመት ዓመት ብዙም የማይለዋወጠው ለዚህ ነው። የእኛም የዘመን አቆጣጠር ፀሐይን የሚከተል ስለሆነ ታኅሣሥ 4 ማለት መሬት በምሕዋሯ ላይ ያለችበትን ቦታ እንደ መጥራት ነው። መሬት ፍሰቱን ለማቋረጥ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል፤ ጥቅጥቅ ያለውን መካከሉን ግን በአንድ ቀን ያህል ታልፈዋለች። ታኅሣሥ 8 የወጣ ሰው ጥቂት ብቻ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

3. እራት እንደበሉ ብቅ ብለው ይመለሱ

ቀኑን በትክክል ለያዘ ሰው የቀረው መንገድ ሰዓቱን መሳት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ወጥተው ሰማዩን አሥር ደቂቃ ያህል አይተው ከተመለሱ ምንም ላያዩ ይችላሉ።

ጀሚኒድስ የሚፈልቁበት ቦታ በአገራችን የከዋክብት ቆጠራ ገውዝ በሚባለው፣ በሁለት ተቀራራቢ ደማቅ ኮከቦች በሚታወቀው ምድብ ውስጥ ነው። በዚያ ወቅት ገውዝ ከአዲስ አበባ ሲታይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ በሰሜን ምሥራቅ አድማስ ላይ ብቅ ማለት ይጀምራል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ 25 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፎ በሰሜን በኩል ከፍተኛ ቦታው ላይ ይደርሳል።

በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ባለሙያዎች የጀሚኒድስን ብዛት በሰዓት 150 ያህል ይሉታል፤ ይህ ግን መፍለቂያው ልክ አናት ላይ ሆኖ ሰማዩ እንከን በሌለበት ጨለማ ሲዋጥ ነው። ጥሩ የገጠር ሰማይ ሥር፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስሌቱ 85 ገደማ ይሰጣል። እዚያው ቦታ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ 40 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ቀደም ብሎ ተኝቶ ከሌሊቱ 7 እስከ 9 ሰዓት መውጣት ይሻላል።

4. የግቢዎን መብራት አብርተው ስልክዎን ይያዙ

አብዛኞቹ ተወርዋሪዎች ደብዛዛ ናቸው፤ ስለዚህ ብርሃን መጀመሪያ የሚያጠፋው ብዙዎቹን ነው። የላይኛውን ስሌት ደማቅ ኮከቦች ብቻ ወደሚታዩበት የከተማ ሰማይ ስንወስደው፣ 85 የነበረው ወደ 12 ይወርዳል። ሙሉ ጨረቃም እንዲሁ ታደርጋለች፤ ከእሷ ደግሞ ወደ ገጠር በመሄድ ማምለጥ አይቻልም።

የሰማዩን ጨለማ ያለ መሣሪያ መለካት ይቻላል። በታኅሣሥ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ሰባቱ ከዋክብት የሚባሉት ወደ አናት ተጠግተው ይታያሉ። ከእነሱ ስድስቱን ለያይተው መቁጠር ከቻሉ ቦታው ያዋጣል። የተደባለቀ ብዥታ ብቻ ከሆኑብዎ ግን ቦታ ይቀይሩ።

ከአዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ወደ ሰሜን ቢወጣ ይጠቀማል። ከሱሉልታ አልፎ ያለ ሰው የከተማው ብርሃን ከጀርባው፣ በደቡብ ይቀርለታል፤ ገውዝ የሚቆምበት ሰሜን ይጨልምለታል። በደቡብ በኩል ያለ ግን ገውዝን የሚያየው በከተማው ብርሃን ውስጥ አሻግሮ ነው። መንገድ ዳር ከመቆም ይልቅ ከሚያውቁት ሰው ግቢ ማደር ይሻላል።

ቦታው ቢጨልምም ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ስልክ አንድ ጊዜ ማየት ያንን ሁሉ ሊያጠፋው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው መጠበቅ ነው። መብራት የግድ ካስፈለገ በቀይ ፕላስቲክ የተሸፈነ ደካማ ባትሪ ይያዙ።

5. ቴሌስኮፕ ተውሰው ገውዝ ላይ ያፍጥጡ

ቴሌስኮፕ የሚያሳየው እጅግ ጠባብ የሰማይ ቁራጭ ነው። ተወርዋሪው ደግሞ የት እንደሚያልፍ ሳያስታውቅ በቅጽበት ያልፋል። ስለዚህ መሣሪያው በጠራ ቁጥር ዕድሉ ይጠብባል። ለዚህ ሥራ ከባዶ ዓይን የሚሻል የለም።

ገውዝ ላይ ብቻ ማፍጠጥም አያዋጣም። ብናኞቹ ሁሉ ጎን ለጎን በትይዩ ነው የሚመጡት፤ ቀጥ ያለ ሐዲድ ሩቅ ላይ አንድ ነጥብ ላይ የተገናኘ እንደሚመስል ሁሉ፣ የእነሱም መንገድ ወደኋላ ሲታይ ገውዝ ውስጥ የተገናኘ ይመስላል። ነጥቡ አጠገብ የሚታዩት ወደ እኛ ቀጥ ብለው ስለሚመጡ አጭር ጭረት ብቻ ናቸው። ረጅሞቹና ያማሩት የሚታዩት ከነጥቡ ራቅ ብሎ ነው። ስለዚህ ቆዳ ወይም ፍራሽ አንጥፈው በጀርባዎ ይተኙ፤ ገውዝን ከእይታዎ ዳር አድርገው ሰፊውን ሰማይ ይመልከቱ። የታኅሣሥ ሌሊት ደጋው ላይ ውርጭ ስለሆነ ጋቢ ብቻውን አይበቃም፤ ብርድ ልብስ ይጨምሩ።

ያዩት ተወርዋሪ የጀሚኒድስ መሆኑን ለማወቅ መንገዱን በዓይንዎ ወደኋላ ያስረዝሙ። ገውዝ ላይ ከደረሰ የእነሱ ነው፤ ካልደረሰ በየትኛውም ሌሊት ከሚያልፉት ብቸኞች አንዱ ነው። ደግሞም አሥር ደቂቃ ምንም ባለማየትዎ አይመለሱ። ተወርዋሪዎች በእኩል ልዩነት አይመጡም፤ ረጅም ዝምታ ካለፈ በኋላ ሦስት በአንድ ደቂቃ ሊያልፉ ይችላሉ። አንድ ሙሉ ሰዓት ይስጧቸው።

በ2019 ዓ.ም. ሌሊቱ እሑድ ታኅሣሥ 4፣ ለሰኞ አጥቢያ ይውላል። ጨረቃዋ ገና ለጋ ስለሆነች ከእኩለ ሌሊት በፊት ትጠልቃለች፤ ከሌሊቱ 7 እስከ 9 ሰዓት ያለው ሰማይ ሙሉ በሙሉ ጨለማ ይሆናል። ደመና ቢከለክልዎ የሚቀጥለው ሌሊትም ጥሩ ነው። በ2020 ዓ.ም. ግን ጨረቃዋ በዚያው ሰሞን ሙሉ ትሆናለችና የ2019ኙን አያሳልፉ።